ጓያ እንዳይሰብረን፦ ከጎተራ እስከ ድስት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይ መረሬ አፈር ባለበት እንደ ሞረትና ጅሩ ባለው አገር፣ ጓያን የማያውቅ ሰው የለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ይዘራል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢጠፋም ይችላል። ስንዴው ሲከዳ ጓያው ይተርፋል። አደጋውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲቀር ሰው እሱን ብቻ ይበላል።

እኔ ሐኪም ነኝ፤ ያደግሁትም በጓያ ሽሮ ነው። ስለዚህ «ጓያ አትብሉ» ብዬ አልጽፍም። ሌላ እህል የሌለውን ሰው «አትብላ» ማለት ምክር አይሆንም። የምጽፈው ጓያን ስንበላ ጉዳቱን እንዴት እንደምንቀንስ፣ እግር መክዳት ሲጀምር እንዴት እንደምንለይና ምን እንደምናደርግ ነው። እርግጠኛ የሆነውንና ያልሆነውንም ለይቼ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ፣ የሚሰብረው ምንድን ነው?

በጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር በብዛትና ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች ይጎዳል። ጡንቻው አይሞትም፤ ትእዛዙ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ እግሩ አይልፈሰፈስም፤ ይልቁንም ይገተራል። ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይረግጣል፣ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፣ እግሮቹም ሲራመድ ይጠላለፋሉ። አእምሮው ግን ደህና ነው።

ሁለት ነገሮች አብረው ሲመጡ ነው አደጋው የሚከፋው፤ ብዛትና ጊዜ። ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ጓያ ከዕለት ምግብ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሦስት ወር ገደማ ሲዘልቅ ሰው መታመም እንደሚጀምር ነው። ይህ ግን በገመድ እንደተለካ ድንበር አይደለም። ከዚያ ባነሰ ጊዜ የታመመ አለ፤ ብዙ በልቶ ደህና የሆነም አለ። ከአንድ ማዕድ ከሚበሉ ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ሊታመም ይችላል። በብዛት የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። ለምን እንደሆነ የተለያዩ መላምቶች አሉ፤ ከባድ ሥራ አንዱ ነው።

በእኛ አገር ብዙ ሰው «የጓያ እንፋሎት መታው» ይላል። ሲቀቀል እንፋሎቱን መሸሽ፣ በገለባው ላይ አለመተኛት፣ በማሳው ውስጥ አለማለፍ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ጉዳቱ በእንፋሎት እንደሚመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሚጎዳው የተበላው ነው። ይህን የምለው አያቶቻችንን ለማሳነስ አይደለም፤ ጓያን መጠርጠራቸው ልክ ነበር። ግን እንፋሎቱን ሸሽቶ ንፍሮውን በየቀኑ የሚበላ ሰው አልተጠበቀም።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚመጣ እርግማንም አይደለም።

ደረጃ 1፦ ጎተራችሁን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከድስቱ ነው። መጀመር ያለብን ከጎተራው ነው። ማጠቡና መቀቀሉ የሚረዳው መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ነውና።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ነው እንበል። በቀን 2.5 ኪሎ ያህል እህል ይበላሉ። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ 120 ቀን ገደማ ነው፤ ስለዚህ 300 ኪሎ ያስፈልጋቸዋል። ጎተራው ውስጥ ያለው ስንዴ 100 ኪሎ፣ ጤፍ 50 ኪሎ፣ ጓያ 150 ኪሎ ነው። ድምሩ 300 ኪሎ ነው። የሚበቃ ይመስላል።

አሁን እናቶች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉትን እንይ። ጤፉና ስንዴው እያለ ጓያ ማን ይነካል? መጀመሪያ ጥሩው እህል ይበላል። በ60 ቀን ያልቃል። ከነሐሴ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ጓያ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ቂጣ፣ ቀን ንፍሮ፣ ማታ ሽሮ ይሆናል፤ ሁሉም ጓያ። የከፋው አበላል ይህ ነው። የማያቸው ታማሚዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ታሪክ ነው የሚነግሩኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢቀላቀልስ? ይሻላል፣ ግን አይበቃም። ግማሹ ጓያ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አራት ወር ነው። አሁንም ከሲሶ በላይ ነን።

እኔ የምመክረው ጓያው ከጠቅላላው እህል ከሩብ እንዳይበልጥ ነው። አንድ ጣሳ ጓያ ለሦስት ጣሳ ሌላ እህል ማለት ነው። ሩብ ያልኩት ከሲሶው ትንሽ ዝቅ ብዬ ለጥንቃቄ ነው። ዋስትና ግን ልሰጣችሁ አልችልም።

ለዚህ ቤት ሩብ ማለት 75 ኪሎ ጓያ ነው። የቀረው 75 ኪሎ መሸጥ ወይም መለወጥ አለበት። ጓያው ከስንዴ የረከሰ ከሆነ ኪሎ በኪሎ አይመጣም። 50 ኪሎ ስንዴ አመጣ እንበል። አሁን 75 ኪሎ ጓያና 200 ኪሎ ሌላ እህል አለ፤ ድምሩ 275። ጓያው ከሩብ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከሲሶው ግን በታች ነው። የ10 ቀን ቀለብ ይጎድላል። ያ የጎደለው 25 ኪሎ ነው እንግዲህ በዶሮ፣ በብድር፣ በዘመድ ወይም በቀበሌ በኩል መፈለግ ያለበት። የሚጎድለውን በሰኔ ማወቅ በመስከረም ከማወቅ በጣም ይለያል። እርዳታ ለመጠየቅም «ተቸግረናል» ከማለት «25 ኪሎ እህል ጎድሎናል» ማለት ይሻላል።

ሽያጩ ጭራሽ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ቅልቅሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። ጥሩውን እህል አስቀድማችሁ አትጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ከምን ጋር መቀላቀል?

ከጤፍ፣ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከማሽላ ጋር ነው። እነዚህ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛ፣ ጓያውን ያሳሳሉ። ሁለተኛ፣ ጓያ የሚጎድለው የፕሮቲን ክፍል አለ፤ ድኝ የያዘው ዓይነት ነው። እህሎቹ ይህን ይሞላሉ፤ ሰውነትም ጉዳቱን ለመቋቋም የሚያግዘው ይመስላል።

ባቄላ፣ አተርና ሽምብራም መጠኑን ለማሳሳት ይጠቅማሉ። ግን እነሱም እንደ ጓያ ጥራጥሬ ስለሆኑ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል እንደ ጤፍና ገብስ አይሞሉም። ስለዚህ ጓያና ባቄላ ብቻ ቀላቅሎ «ቀላቅያለሁ» ማለት አያስተማምንም።

በፍስክ ጊዜ እንቁላልና ወተት ካለ ለዚሁ ይረዳል። በዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን እነዚህ የሉም፤ ሽሮ ደግሞ በየቀኑ አለ። በጾም ወቅት ለጓያው መጠን የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም። በእንጀራ የሚበላ ሽሮ ውስጥ ጓያ ቢኖርበት ከእንጀራው ጋር ሲተያይ መጠኑ ትንሽ ነው። ሌላ ሌላውንም የሚበላ ሰው በዚህ ብቻ ይታመማል ብዬ አልጠብቅም። የምፈራው ጓያ እንጀራውን ሲተካ ነው፤ ቂጣው፣ ንፍሮውና ቆሎው ሁሉ ጓያ ሲሆን።

ደረጃ 3፦ ከማስፈጨት በፊት መዘፍዘፍና መቀቀል

ቤታ-ኦዳፕ በውሃ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ውሃው ይዞት እንዲወጣና ውሃው እንዲደፋ ማድረግ ነው።

ጓያውን ለቅማችሁ እጠቡ። በሰፊ ዕቃ አድርጋችሁ አራት እጥፍ የሚሆን ውሃ ጨምሩበት። ሌሊቱን ይደር። ቢቻል ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ውሃውን ቀይሩ። ጠዋት ያንን ውሃ ድፉት። ለከብት፣ በተለይ ለፈረስ፣ አትስጡ፤ ፈረስም በጓያ ይታመማል።

ከዚያ በአዲስና በብዙ ውሃ ቀቅሉት። ፍሬው እስኪያብጥና እስኪለሰልስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ። ውሃውን ትኩስ እንደሆነ አጥልሉና ድፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በትንሽ ውሃ ቀቅሎ ውሃው እስኪመጥ ይጠብቃል። ንፍሮው ይጣፍጣል፣ ግን የወጣው ሁሉ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ለንፍሮም ቢሆን ውሃው ይደፋ።

ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ አስጡት። እርጥብ ከሆነ ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሲደርቅ አምሳችሁ፣ ከክታችሁ፣ ከሌላው ጋር ታስፈጫላችሁ። አስቀድሞ የተከካ ከሆነ ገለፈቱ ስለሌለ ውሃው ቶሎ ይገባበታል።

ይህ ሁሉ ሥራ ምን ያህል ይቀንሳል? እንደ ውሃው ብዛት፣ እንደ ጊዜውና እንደ ዝርያው ይለያያል። ብዙውን ሊያወጣ ይችላል፣ ሁሉንም ግን አያወጣም። ከደፋነው ውሃ ጋር ጥቂት ቫይታሚንም ይሄዳል። ስለዚህ «ዘፍዝፌዋለሁ» ብሎ መጠኑን መጨመር ትክክል አይደለም። ውሃና ማገዶ በሚያጥርበት ቤት ደግሞ ከመቀላቀልና ከመዘፍዘፍ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ቅልቅሉን አስቀድሙ።

ማመስ ብቻውን አይበቃም። ቆሎ ሆኖ የተበላ ጓያ ጓያ ነው።

ደረጃ 4፦ ከቤት ውጭ የሚበላውን አስቡ

እናት በቤት ውስጥ በጣሳ ለክታ ትቀላቅላለች። ልጁ ግን ከብት ሲጠብቅ በኅዳርና በታኅሣሥ እሸቱን እየፈለፈለ ይውላል። ማረሻ የያዘው ደግሞ ኪሱን በቆሎ ይሞላል። ይህ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) አጋማሽ ወዲህ በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት ከድርቅ በኋላ ከ2,000 በላይ ሰው በጓያ ሲሰበር የተደረገው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። እሸቱን ጥሬውን የበሉና ንፍሮውን ያዘወተሩ ሰዎች የበለጠ ተጠቅተው ነበር። ሽሮውን ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የሠሩት፣ ጓያውንም ከእህል ጋር የቀላቀሉት ደግሞ ያነሰ ተጠቅተዋል።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ነገር ልበል። ይህ የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች በማወዳደር የተገኘ ውጤት ነው። ቅመም መግዛት የቻለ ቤት ሌላ ምግብም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት «የጓያ ማርከሻ» ነው ብዬ አልናገርም። ሽሮ ላይ መጨመሩ ግን ጉዳት የለውም፤ ካላችሁ ጨምሩ።

ሌላው ዘሩ ነው። ንጥረ ነገሩ አነስ ያለባቸው የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ ዋሴ የተባለው በአገራችን የተለቀቀ ነው። የግብርና ባለሙያችሁን ጠይቁ። ነገር ግን «አነስ ያለበት» ማለት «የሌለበት» አይደለም። በድርቅ ጊዜ መጠኑ ሊጨምርም ይችላል፤ ጓያ ብዙ የሚበላው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው። ቅልቅሉ ለዋሴም ይሠራል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ምልክት አትለፉ

አንድ የ19 ዓመት ወጣት በሐምሌ ወር አባቱ ይዘውት መጡ። «ዶክተር፣ ጉልበቱ ከዳው» አሉኝ። እንዴት እንደጀመረ ጠየቅሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲያርስ ውሎ ማታ ባቱን ይጨመድደው ጀመር። እግሩ ከበደው። ድካም መሰለው። በሚቀጥለው ቀን ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መሮጥ አቃተው። አንድ የሕክምና ቦታ ሄዶ «ቁርጥማት ነው» ተብሎ መርፌ ተወግቷል። ስለሚበላው ማንም አልጠየቀውም። እሱም እስከዚያው ጓያውን ቀጠለ። ከሚያዝያ ጀምሮ ቤታቸው ሌላ እህል አልነበረም።

ያ የጠፋው ሦስት ሳምንት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባት መጨምደድ፣ ከባድ ሥራ ሲሠራ የሚመጣ የእግር መዛልና መንቀጥቀጥ፣ ወለም ወለም ማለት፤ ይህ ጓያ በሚያዘወትር ሰው ላይ ሲታይ ጓያው በዚያው ቀን ይቁም። ምርመራ አትጠብቁ። ማቆም የሚያስከትለው ጉዳት የለም።

ቤት ውስጥ ልታዩት የምትችሉት ቀላል ነገር አለ። በባዶ እግሩ በለጥ ባለ ቦታ ላይ ይራመድ። ተረከዙ መሬት ይነካል ወይስ በጣቱ ጫፍ ነው የሚረግጠው? በተረከዙ ብቻ ጥቂት እርምጃ መሄድ ይችላል? ቁጢጥ ብሎ ሳይደገፍ ይነሳል? ከነዚህ አንዱ ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መቻሉ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ጓያው ያው ይቁም።

እግር የሚከዳው ሁሉ ጓያ እንዳልሆነም እወቁ። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ የጓያ አገር ስለሆነ ሁሉንም በጓያ ላይ የመለጠፍ ነገር አለ። የጀርባ ሕመምና ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ አከርካሪው ከጎበጠ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በመድኃኒት ይድናል። ከወገብ በታች ስሜት ከጠፋ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ቀኑን ሳታሳልፉ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በአንድ ጎን ብቻ እጅና እግር ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ ስትሮክ ነው የምንጠረጥረው፤ ይህም በዚያው ሰዓት ነው። በጓያ ጊዜ ግን የሚጠቁት ሁለቱም እግሮች ናቸው፤ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። መጀመሪያ አካባቢ ሽንት ቶሎ ቶሎ ሊያጣድፍ ይችላል።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ሳትጠየቁ ይህን ንገሩ፦ ጓያ ስንት ወር በላ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን መልክ፣ ከቤቱስ ሌላ የታመመ አለ ወይ። በሽታውን በእርግጠኝነት የሚለይ የደም ምርመራ በጤና ጣቢያ የለም። የሚለየው በዚህ ታሪክና እግሩን በመመርመር ነው።

ደረጃ 6፦ ከተሰበረ በኋላ

የተጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። «አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካገኛችሁ፣ ነጭ ካፖርት ቢለብስም፣ አትመኑት። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ጓያውን ግን አቁሞ ይሂድ።

ደግ ነገሩ፣ ጓያው ከቆመ በሽታው በአብዛኛው ባለበት ይቆማል፣ ወደ ላይ እየወጣ አይሄድም። ገና ሲጀምር ያቆሙ አንዳንዶች ትንሽ ይሻላቸዋል። ያለ ምርኩዝ የሚሄደው ያለ ምርኩዝ እንዲቀር፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄደው ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ ዳዴ እንዳይወርድ ነው የምንጥረው።

ለዚህ ዋናው በየቀኑ እግርን ማሳሳብ ነው። ታማሚው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ነጠላ ወይም መቀነት በእግሩ መዳፍ ዙሪያ ያድርግና ጣቶቹን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይሳብ። ባቱ ሲወጠር ይሰማዋል፤ ማመም ግን የለበትም። እስከ 30 እየቆጠረ ይቆይ፣ ይልቀቅ፣ አምስት ጊዜ ይድገም። ከዚያ ሌላውን እግር። ጠዋትና ማታ ይሠራ። ይህ ካልተደረገ የተረከዙ ጅማት እያጠረ ይሄድና እግሩ በጣት ጫፍ እንደቆመ ይቀራል። ግትርነቱን የሚያላሉ ኪኒኖች አሉ፤ ሐኪም ነው የሚያዘው። እግሩን ያላላሉ እንጂ ነርቩን አያድኑም። አንዳንዴ አብዝተው ሲያላሉ መቆምም ያቅታልና መጠኑ ይስተካከላል።

ያ ወጣት ጓያውን በዚያው ቀን አቆመ። አባቱ አንድ በግ ሸጠው ገብስ ገዙ። መቀነቱን እናቱ ይዘውለት ጠዋትና ማታ ይስባል። ከስድስት ወር በኋላ ሳየው አንድ ምርኩዝ ይዞ ነበር፤ መጀመሪያ ሲመጣም እንዲሁ በአንድ ነበር። አልዳነም፣ አልባሰበትምም። ከኋላው ታናሽ ወንድሙ አብሮት መጥቶ ነበር። በተረከዙ ሂድ አልኩት። ሄደ። ቤታቸው አሁን ምን እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ጣሳ ጓያ፣ ሦስት ጣሳ ገብስ አሉኝ።